በአራቱ ቀናት የማይሠራው ወረቀት

ወረቀቱን ያገኘችው ነርሷ ናት። ቱልሳን በጂፕ ወደ ሆስፒታላችን ባመጧት ቀን ልብሷን ስትቀይርላት፣ ከደረቷ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። «የአንቺ ጽሑፍ አይደል?» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

የእኔ ነበር። ማጠፊያው ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ተገልጧል ማለት ነው። አንድ ጊዜም ባትገልጠው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከአምስት ሳምንት በፊት ቱልሳ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ እየመጣባት እንደሆነ ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ ነግራ የሆስፒታሉ የሥነ ልቦና አማካሪ ወደሆንኩት ወደ እኔ ተላከች። ባሏ ማሌዥያ ነው፤ እሷ ከአማቷና ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ከከተማው በላይ ባለው መንደር ትኖራለች። በካትማንዱ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያለ ሰው በእጁ የደኅንነት ዕቅድ ይዞ መሄድ እንዳለበት ነው፤ ሐሳቡ ሲበረታ በየተራ የሚያደርጋቸውን ነገሮች፣ በራሱ አፍ፣ በራሱ ቃል። በራሱ ቃል የሚለውን ፈተና ላይ አሰምሬበት ነበር።

በዚያን ቀን ግን ከበሩ ውጭ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «አፌ አመድ አመድ ይለኛል፣ ከዚያ...» ስትል እኔ «የተስፋ መቁረጥ ስሜት» ብዬ ጻፍኩ። «ማዳም ያሉት ይሁን» አለች። በሁለተኛው መስመር በቧንቧው ቀዝቃዛ ውኃ ፊትን መታጠብ፣ በሦስተኛው ከአማት ጋር ምድጃው ዳር መቀመጥ፣ በአራተኛው ስልኩን አንስቶ ወደ እኔ መደወል። አትክልት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ሣጥን ይቆለፍ፣ ቁልፉ በአማቷ መቀነት ላይ ይታሰር። የመጨረሻው ጥያቄ «ይህን ለማድረግ ምን ያግዳል?» ይላል። ሳልጠይቃት «ምንም» ብዬ ሞላሁ። በሃያ ደቂቃ ጨረስን፤ በራሴ ረክቼ ነበር።

በጂፕ የመጣችው ያን የተባይ መድኃኒት ጠጥታ ነበር፤ ሐኪሞቹ አተረፏት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተደግፋ ስትቀመጥ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። አማቷ ከአልጋው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የቱልሳን ልጅ በር ላይ ካለው ሻይ ቤት ትተዋታል።

«ያን ቀን ይህን አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት። ሁለት ጊዜ።»

«ታዲያ?»

አማቷን በዓይኗ ፈለገች። «ገለል ብዬ ነበር፣ ማዳም።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የወር አበባዋ ነበር። አራት ቀን በከብቱ በረት ጎን ባለችው ክፍል ታድራለች፤ ቧንቧውን አትነካም፣ ምድጃው አጠገብ አትደርስም፣ ሽማግሌ አትነካም። ስልኩ የሚቀመጠው ከጸሎት ቦታው ሥር ነው፤ እዚያም አትደርስም። መድኃኒቱ ግን በረቱ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም ቢቆለፍ ክዳኑ የላላ ነበር። አማቷ ቁልፉን በመቀነታቸው አስረው ምድጃው ዳር ተኝተዋል። ከጻፍኩላት ውስጥ አንድም ነገር አልነበራትም። ለእኔ ደግሞ ይህ አዲስ አይደለም። እናቴ ቤት ስሄድ እኔም አራት ቀን ራቅ ብዬ ነው የምበላው፤ ጭቅጭቅ ስለምጠላ። ምን ያግዳል የሚለውን ብጠይቃት ኖሮ ከአፏ ሳይወጣ አውቀው ነበር።

«የከፋው ጊዜ ሁሌ በእነዚያ ቀናት ነው?»

«ሁሌ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ።»

«ይህን አልጠየቅኩሽም።»

«እኔስ መች ተናገርኩ? እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል?» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብላ ጠራችኝ። «ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። አሁን መጥፎው ሐሳብ እንዳለ ጠየቅኳት። «አለ፣ ግን ሩቅ ነው» አለች። ባዶ ወረቀት አወጣሁ።

«እኔ እጄ ብቻ ነኝ» አልኳት። «አንቺ ንገሪኝ። ሲመጣ በምን ታውቂዋለሽ?»

«አፌ አመድ አመድ ይላል። ልጄ ስትጠራኝ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስለኛል።»

እንዳለችው ጻፍኩ።

«ያኔ ብቻሽን ሆነሽ ምን ትንሽ ቀለል ያደርግልሻል? ገለል ባልሽበት ቀንም የሚሆን።»

«ሹራብ መሥራት። ክር መንካት አልተከለከለም።»

«ካልቀለለሽስ? ማን ጋር ትሄጃለሽ?»

«ጎረቤቴ ማንሳራ ጋር። እሷ ከማጋር ብሔረሰብ ናት፤ እነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። በረንዳዋ ላይ ያስቀምጡኛል።»

«ምን ልትሠሪ?» አሉ አማቷ ከመሬት።

«ወሬዋን ልሰማ። ያች ሴት አንድ ጊዜ ከጀመረች መሞትም አያስችልም።»

አሮጊቷ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቁ እንጂ አላለቀሱም። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔስ?» አሉ። «እኔ ወረቀቱ ላይ የለሁም?»

«በአሮጌው ላይ ምድጃው ዳር ነበሩ፣ እማማ» አልኳቸው። «እሷ ደግሞ መድረስ አትችልም።»

ልማዱ በሕግ እንደተከለከለ ልነግራቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የቱልሳ ወረቀት እንጂ የእኔ ንግግር አልነበረም።

«መንካት ነው የተከለከለው» አሉ አማቷ። «ማውራትን ማን ከለከለ? ምንጣፌን አውጥቼ በሯ ፊት እተኛለሁ። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ።»

«ስልኩስ?» አልኩ።

«ስልክ ይረክሳል እንዴ? ከሆነም በበትር እገፋላታለሁ።»

«በበትር ከሚገፉት እኔው ጋር ይደር» አለች ቱልሳ።

«ይደር።»

ስለ መድኃኒቱ ተነጋገርን። መቆለፍ አልበቃም፤ ከቤት ይውጣ። አማቷ ዛሬውኑ ወደ ገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን እንዲወሰድ ለወንድማቸው ልጅ በእኔ ስልክ ደወሉ፤ ተወስዶ እስኪያልቅ ስልኩን አልዘጋሁም። እኔ የማላነሳበት ሰዓት ካለ ሆስፒታሉ የሚያነሳው ቁጥር በትልቁ ተጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ለቱልሳ ሰጥቼ አንብቢልኝ አልኳት። ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፤ በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችው። አንድ ቃል ላይ ቆመች። «ይህን እኔ አላልኩም።» «ድጋፍ» ብዬ ነበር። ሰርዛ «ሰው» ብላ ጻፈች።

«ይህን ለማድረግ ምን ያግድሻል?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «ዝናብ። ወደ ማንሳራ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው።»

«ከዘነበስ?»

«እሷ ትምጣ። እኔ በስልክ እጠራታለሁ።»

ጻፍኩት። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ በየሁለት ቀኑ ደወልኩላት። ያጠፋሁትን ለአለቃዬ በጽሑፍ አስገባሁ፤ «ሰልፉ ረጅም ስለነበር» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። አሮጌውን ወረቀት አልጣልኩም።

ቤቷ ከገባች በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የሆስፒታሉን ቆርቆሮ ሲደበድብ ስልኬ ጮኸ። በሩ ላይ ዘጠኝ ሰው ነበር።

«አመዱ መጥቷል» አለች ቱልሳ።

«የት ነሽ?»

«በረት አጠገብ። ሹራቡ አልረዳኝም፤ ማንሳራን ጠርቻታለሁ። ጃንጥላ ይዛ እየመጣች ነው።»

«አሁን ብቻሽን ነሽ?»

ከኋላዋ የአሮጊት ድምፅ ሰማሁ። «ብቻዬን አይደለሁም በያት። በሩ ላይ ሆኜ በስብሻለሁ።»

ለተሰለፉት ሰዎች ትንሽ ጠብቁኝ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ማንሳራ እስክትደርስ ምን ያህል እንደፈጀ አላውቅም፤ ሰዓት አላየሁም። መጀመሪያ ስለ ጭቃው የምታማርር የሴት ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የጃንጥላ መታጠፍ፣ ከዚያ ቱልሳ «እማማ፣ እርስዎም ከዝናቡ ይግቡ፣ አልነካዎትም፣ ዳር ይቀመጡ» ስትል ሰማሁ።