መቶ ሰማንያ በአዲሱ ኦቨን

ስለሺ በአንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኬክ ጋግሯል። ሚስቱ የዓለምወርቅ ካረፈች ሦስት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ቁስቋም ካለው ቤቱ የሚወጣው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ልጁ ሮሐ ግን "አባዬ፣ ትእዛዝ በዝቶብኛል፣ እባክህ አግዘኝ" አለችውና አዲሱ ገበያ አጠገብ ኬክ ወደምትጋግርባት ጠባብ ክፍል መሄድ ጀመረ። እምቢ ማለትም አቅም ይጠይቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሮሐ አገር ለቀው ከሚሄዱ አሜሪካውያን የገዛችው ኦቨን ገና ትናንት መሰካቱ ነው። ለዘጠኝ ሰዓት የሚደርስ የቀለበት ኬክ ታዟል። ስለሺ እንቁላሉን መታ፣ ዱቄቱን ነፋ፣ መጋገሪያውን ቅቤ ቀባ። ከዚያ እጁ ሳያማክረው ማዞሪያውን ከሁለት መቶ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መቶ ሰማንያ ላይ አቆመው። ለእሱ ኬክ የሚበስለው በመቶ ሰማንያ ነው፤ አለቀ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲከፍተው ምንም አልሸተተውም። ሊጡ እንደፈሰሰ ተኝቷል። ስንጥር ሰካበት፤ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ድሮ ቢሆን ይሳደብ ነበር። አሁን ዘጋውና ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ሮሐ ከገበያ ስትመለስ እዚያው አገኘችው።

"ምነው አባዬ?"

"አልበሰለም።"

"ኦቨኑ ተበላሽቶ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

ጎንበስ ብላ ማዞሪያውን አየችው። "አምስት መቶ ድረስ ይሄዳል እኮ! አምስት መቶ የሚደርስ የቤት ኦቨን አይተህ ታውቃለህ?"

መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ከቁጥሮቹ በታች ደብዘዝ ያለች ኤፍ አለች።

"ፋራናይት ነው" አለ። "ከመቶ ሰማንያው ሠላሳ ሁለት ቀንሺ፣ በአምስት አባዢ፣ ለዘጠኝ አካፍዪ። በእኛ ሴንቲግሬድ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ ነው። ውኃ እንኳን አያፈላም።"

ሮሐ ስልኳ ላይ ያለውን የኬክ አሠራር ከፈተች። "ሦስት መቶ ሃምሳ ፋራናይት ይላል። ጋዝ አራትም ይላል፤ እሱስ ምንድን ነው?"

"የእንግሊዞች ነው። የጋዝ ኦቨናቸው ላይ የሚጻፈው ዲግሪ ሳይሆን ተራ ቁጥር ነው። አራታቸው ያው የእኛ መቶ ሰማንያ ነው።"

"ታዲያ ይሄንኑ ሙቀት ብንጨምርለትስ?"

"ቤኪንግ ፓውደሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ አይነሳም።"

ደፋው። ማዞሪያውን ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ አድርጎ ኦቨኑ እስኪግል እንደ አዲስ እንቁላል መታ።

ሁለተኛው ኬክ ከፍ ብሎ፣ ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ሮሐ አጨበጨበች። ስለሺም ማታ ይህን ለየዓለምወርቅ ስነግራት ትስቃለች ብሎ አሰበ። ወዲያው ትዝ አለው። ልቡ እስኪያመው ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ደስታውም አልመጣም።

"ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ ክሬም እንዳትቀቢው" አላት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኬኩን ያዘዙት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ሮሐ በሩ ላይ ቆማ ትሸኛቸዋለች። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ዕቃ ያጥባል።