ባንክ ቤት ዋጋ የቆረጠችው አክስት

መጋረጃ ሰፊዋ አክስት በሕይወቷ የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብላ አታውቅም። ሻጭ መቶ ካለ ሃምሳ ትላለች፣ ሃምሳ ካለ ሃያ አምስት። በነጻ ቢሰጧትም «ምራቂ የለውም እንዴ?» ማለቷ አይቀርም።

ዛሬ ግን ከእህቷ ልጅ ጋር የመጣችው ባንክ ቤት ነው። ደንበኛዋ የመጋረጃ ቀብድ ብታስገባላት ባንኩ ከላዩ ገመጥ አድርጎበታል። የቀረው ለጨርቁ አይበቃም፣ ጨርቅ ሻጩ ዱቤ አያውቅም፣ ስፌቱ ዛሬ ካልተጀመረ ደግሞ ደንበኛዋ ቀብዷን አስመልሳ ሌላ ሰፊ ጋ ልትሄድ ነው።

«ስሚኝ አክስቴ» አለች የእህቷ ልጅ ወረፋ ላይ። «ሌባ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አትጩሂ። የቆየሁ ደንበኛ ነኝ፣ አላወቅሁም ነበር፣ የተቆረጠው ለዛሬ ብቻ ይነሳልኝ በይ። በቃ።»

«እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ!» ብላ ጮኸች አክስት። ጥበቃው ዞር አለ።

ተራቸው ደረሰ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ።

«እናቴ፣ ሒሳብዎ ከዝቅተኛው ቀሪ በታች ስለነበር የወር አገልግሎት ክፍያ ተቆረጠ። በቂ ብር ስላልነበረው ከዜሮ በታች ወረደ። ከዜሮ በታች ስለወረደ ደግሞ የኦቨርድራፍት ቅጣት መጣ። ሦስት ወር እንደዚሁ።»

«ብር የለሽም ብላችሁ ብር ወሰዳችሁብኝ?»

«አዎ» አለ ሠራተኛው፣ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር ሳትነቃነቅ።

ልጅቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አክስት መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው ዓይኗን ጨፍና የተጠናውን ሁሉ ተወጣችው። ሠራተኛው ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ደርሶ ተመለሰ።

«የወር ክፍያው ውል ላይ ያለ ነው፣ አይነሳም። ቅጣቶቹ ግን የመጡት በራሳችን ክፍያ ስለሆነ ሦስቱንም አንሳላቸው ተብያለሁ።»

አክስት ቁጥር ሰማች። እጇ ብቻውን ወገቧ ላይ ወጣ።

«ሦስት? በጭራሽ! ሁለት አድርገውና እንጨርስ።»

ሠራተኛው ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። «ሁለቱ ብቻ ይነሱ?»

«አክስቴ…»

«ዝም በይ፣ እየላላ ነው። እሺ፣ ሁለት ተኩል። የመጨረሻዬ ነው።»

«ግማሽ ቅጣት ማንሳት አይቻልም።»

«እንግዲያው ተወው!» ብላ ወደ በሩ ሄደች፣ ቀስ ብላ፣ ከኋላ እንደሚጠሩት ሰው። የጠራት የለም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ገበያ ለምዶባት ነው» አለች ልጅቷ። «እባክዎ ሦስቱንም ያንሱልን። ከተቻለም ሒሳቡን የወር ክፍያ ወደሌለበት ይቀይሩልን፣ ዳግመኛ መጥተን እንዳናስቸግርዎት።»

«ይቻላል። ለመቀየሩ ግን የሒሳቡ ባለቤት ራሳቸው መፈረም አለባቸው።»

«አክስቴ፣ ነይ፣ ይጠሩሻል!»

አክስት ፊቷ በራ። ሳትቸኩል፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ተመለሰችና ፈረመች።

«ስንት ላይ ቆምን?»

«ሦስት።»

ረዥም ተነፈሰች። «ይሁን። ምን ላድርግ፣ ጨርቁ አይጠብቀኝ።»

ሠራተኛው ቀሪውን አሳያት። ለጨርቁ በቅቶ ለክር ይተርፋል። ብሩን ይዘው ወደ ጨርቅ ሱቁ ሲጣደፉ አክስት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ፍንክች የማይል ልጅ ነው» አለች በአክብሮት። «እንዲህ ያለ ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም።»