ቀበሮው ከቆመ በኋላ

እስቲ አሁን «ብሬክ» ተብሎ ለሰው ቅጽል ስም ይወጣል? ለዚህ ሰውዬ ባይወጣለት ነበር የሚገርመው! የካርቱን ፊልም በሚሠራበት በዚያ ባለሦስት ክፍል ቢሮ ዳይሬክተር ሆኖ የተሾመው የቢሮውን ባለቤት እህት ስላገባ ነው፤ ሌላ ምክንያት ያገኘ ካለ ይምጣና ይንገረን። ከዚያ በፊት የቢሮ ወንበር ይሸጥ ነበር። ስለ ፊልም የሚያውቃት አንዲት ነገር ናት፤ እሷንም ጠረጴዛ እየደበደበ ይናገራታል። «ቆመ ማለት ቆመ ማለት ነው!»

ይህች ነገር ሁልጊዜ የምታርፈው ጭራዬ ላይ ነበር። ጭራዬ አኒሜተር ናት፤ ሌሎች የሣሏቸውን እንስሳትና ሰዎች ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣ የምታስኬድ፣ የምታስሮጥ፣ የምታስነጥስ እሷ ናት። ብሬክ ግን ሥራዋን «ጭራ ማወዛወዝ» ብሎ ስለሚጠራው «ጭራዬ» የሚለው ስም እሷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየፊልሙ መጨረሻ ስም ዝርዝር ሲወጣ፣ «አኒሜሽን» ከሚለው ሥር በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው የብሬክ ስም ነው። የእሷ ስም «ረዳቶች» ከሚለው ሥር፣ ከሹፌሩ ቀጥሎ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ይገባል። ልብስ ሰፊ እናቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ መነጽሯን አስተካክላ እስክታነብ ዝርዝሩ እብስ ይላል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቀበሮውን ተረት የመጀመሪያ ክፍል አይቶ ከወደደው ሃያ ስድስቱንም ክፍል ሊገዛ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ላይ የተጻፈው ስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው እንደዚያው ይቀጥላል። ጭራዬ ይሄን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። አሁን ስሟ በቦታው ካልገባ ሌላ ሁለት ዓመት ከሹፌሩ ጋር ልትከርም ነው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም።

ማክሰኞ ጠዋት ብሬክ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ቀበሮው ቁልቁለቱን በሩጫ ይወርዳል፤ ድልድዩ በጎርፍ መወሰዱን ሲያይ ወንዙ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እግሮቹ ቆመዋል። ጭራው ግን ገና አልደረሰም፤ ከኋላ መጥቶ በጀርባው ላይ ወደፊት ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ብሎ ይረጋል። የአንገቱ ሻርፕም ወደ ወንዙ ተወርውሮ ይመለሳል። ጆሮዎቹ እንኳ አንዴ ነቅነቅ ይላሉ።

«ቀበሮው ቆሟል አይደል?» አለ ብሬክ።

«ቆሟል።»

«ታዲያ ጭራው ምን ሆኖ ነው? አልሰማም?»

«የሚቆመው በተራ ነው» አለች ጭራዬ፣ ትዕግሥቷን በሁለት እጇ ይዛ። «መጀመሪያ ገላው ይቆማል። ከዚያ የጭራው ሥር፣ ከዚያ መሃሉ፣ ጫፉ መጨረሻ። ጫፉ የሥሩን መቆም የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። እርስዎስ አውቶቡስ ብሬክ ሲይዝ ወደፊት ይሄዱ የለም እንዴ?»

«ብሬክ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የፊልሙ ቀለም ቀቢ ሳቁን በሳል አፈነው። ብሬክ ፊቱ ቀላ።

«እኔን ሳይንስ አታስተምሪኝ! ለእያንዳንዱ ጭራ ግማሽ ቀን እየበላሽ ነው። ከአሥራ አራተኛው ትዕይንትም፣ ከሌላውም፣ ከቆሙ በኋላ ያለውን ሁሉ ቁረጭልኝ። ሐሙስ ከጣቢያው ገዢዋ ይመጣሉ።»

«እሺ። ስለ ስሜ ጉዳይስ?»

«ጭራ ለቆረጠ ደግሞ ስም?» አለና ሄደ። በአንገቱ ያንጠለጠላት የመታወቂያ ካርድ ሆዱን ቀጭ ቀጭ እያደረገች አብራው ሄደች።

ጭራዬ ቆሽቷ አርሮ ማታ እናቷ ሱቅ ገባች። እናቷ አንዲት ደንበኛ መስታወት ፊት አቁማ ቀሚስ ትለካለች። «ሂጂ እስቲ» አለቻት ደንበኛዋን። ሴትዮዋ ሄደች። «ቁሚ!» ቆመች። የቀሚሱ ዘርፍ እግሯን አልፎ ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቀኝ ጎኑ ቶሎ ረጋ፣ ግራው ዘገየ። «አየሽ፣ ግራው ገበሩ ከብዶታል» አለች እናቷ ተንበርክካ መርፌ እየሰካች። «ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ልብስ ሁሉ ልኩ ነው። ሄዶ ሲቆም ነው ጉዱ የሚወጣው።»

ጭራዬ ሳቀች። ይህን ዕውቀት ከዚህ ሱቅ ወለል ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ተቀምጣ ነው ያገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ቁረጭለት» አለች እናቷ መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ። «ያልተቆረጠውን ግን አስቀምጪ። እኔ ደንበኛ ልብሱን አበላሽቼ እንድሰፋለት ድርቅ ሲልብኝ ጨርቅ አተርፍለታለሁ። ተመልሶ መምጣቱ አይቀርማ።»

ጭራዬም ቆረጠች። አንዱንም ሳታስተርፍ፣ እንደ ታዘዘችው፣ የፀጉሩንም የቀሚሱንም የጭራውንም። ያልተቆረጠውን በሌላ ፋይል አስቀመጠች፤ ብሬክንም «ሁለቱም አሉ» አለችው። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሐሙስ ገዢዋ ወይዘሮ መጡ። አጭር፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው የማይተኛ ሴት ናቸው። ብሬክ አዲስ ክራቫት አስሮ ወንበር ሳበላቸው፤ ወንበር ላይ መቼም አይታማም። ፊልሙ ተጀመረ። የቀበሮው እናት ፀጉሯን በትና ከቤት በሩጫ ወጣች፣ በሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯም ቆመ፣ ቀሚሷም ቆመ። ሁሉም እኩል፣ ግጥም።

«ኮምፒውተራችሁ ተያዘ፣ ምስሉ ቀጥ አለ» አሉ ወይዘሮዋ።

«ኧረ አልተያዘም» ሊል ነበር ብሬክ፤ የእናትየው አፍ መንቀሳቀስ ጀመረና አተረፈው። ትንሽ ቆይቶ ጥንቸሏ ዘላ አረፈች፤ ጆሮዎቿ እንደ ሚስማር ቀጥ አሉ።

«አሁንም ተያዘ።»

«ገመዱ ነው!» አለ ብሬክ። ቀለም ቀቢው ምንም ያልሆነውን ገመድ ነቅሎ ሰካ። የት ያውቃል፣ ያግዝ ይሆናል። ቀበሮው ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጭራው አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ድንጋይ ሆነ። ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን አነሱ።

«ይሄስ አልተያዘም፤ ሞቷል። ሌላ የምታሳዩኝ ነገር አላችሁ ወይስ ልሂድ?»

ብሬክ ክራቫቱን ላላ አደረገ። እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው የማያስታውሰው የለም። «አለ እንጂ! ይሄ እኮ ረቂቁ ነው» ብሎ ጭራዬን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም ያልተቆረጠውን ከፈተችለት። እናትየው ቆመች፤ ፀጉሯ ደርሶባት ፊቷ ላይ ተበተነ፣ ገለጥ አደረገችው። ቀበሮው አፋፉ ላይ ቆመ፤ ጭራው በጀርባው ላይ አልፎ ተመልሶ ሲረጋ ወይዘሮዋ ሳቁ።

«ነፍሱ አለች! ይሄን ጭራ ማነው የሠራው?»

ብሬክ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ክራቫቱን አቃንቶ፣ «እኔ ነኝ» አለ።

ጭራዬን ሦስት ዓመት በጽሑፍ ሲዘርፋት ኖሯል፤ ፊት ለፊቷ፣ በአፉ፣ ሲዘርፋት ግን የመጀመሪያው ነው። ልትናገር ቃጣችና ተወችው። ማን ያምናታል? ዝርዝሩ እሱን ነው የሚለው።

«ጎበዝ» አሉ ወይዘሮዋ። «እንግዲያው አንድ ነገር ያስተካክሉልኝ። ዝናብ ላይ ነው የሮጠው፣ ሻርፑ ግን ደረቅ ሐር ይመስላል። ወፍራም ሱፍ፣ ውሃ የጠጣ አድርጉልኝ። እዚሁ፣ እያየሁ።»

«አሁን?»

«ጭራውን የሠራ ሰው ሻርፕ ያቅተዋል?»

ብሬክ ተቀመጠ። ሻርፑ ስድስት መገጣጠሚያ አለው፤ ከአንገቱ እስከ ጫፉ። ሰውዬው ጫፏን ያዘና ወደፊት ገፋት፤ ሌላው በኋላ እንዲከተል አደረገ። አጫወተው። ሻርፑ በገዛ ራሱ ነቅቶ ወንዙን ሊያይ የሄደ፣ ቀበሮውንም በአንገቱ የሚጎትት መሰለ። ቀለም ቀቢው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብሬክ እንደገና ሞከረ፤ አሁን ስድስቱንም አንድ ላይ አፍሶ እኩል አዘገያቸው። ሻርፑ ሳይታጠፍ፣ ሳይቀለበስ፣ ዘግይቶ ወዲያ ሄደ፣ ዘግይቶ ወዲህ መጣ።

«ይሄ መጥረጊያ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ቀበሮው አንገት ላይ መጥረጊያ አስራችሁበታል።» ከዚያ ዞር ብለው ጭራዬን አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ከቅድም ጀምሮ ጣቶችሽ ይንቀሳቀሳሉ። የምትይው አለ?»

«አለኝ» አለች ጭራዬ። ድምጿ ራሷንም ገረማት። «ይነሱልኝ፣ ጋሼ።»

ተነሳላት። ምን ምርጫ አለው?

«ከአንገቱ ነው የሚጀመረው» አለች እየሠራች። «አንገቱ ሲቆም ይሄ መጀመሪያ ይቆማል። ቀጣዩ በሁለት ፍሬም፣ በሁለት ምስል ማለት ነው፣ ይዘገያል፣ ሌላውም ከሱ በሁለት። አንድ ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ሐር ቢሆን ብዙ ጊዜ ይርገበገባል። እርጥብ ሱፍ ግን ከባድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ አንዴ በደንብ ያልፋል፣ አንዴ ይመለሳል፣ ከዚያ ዝፍ ብሎ ደረቱ ላይ ይለጠፋል።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ስታጫውተው ማንም አልሳቀም። ቀበሮው ቆመ፤ ሻርፑ ዘግይቶ መጣ፣ ወደ ወንዙ በከባዱ ተወዛውዞ ተመለሰ፣ ደረቱ ላይ ልጥፍ አለ። የበረደው መሰለ።

«እገዛለሁ» አሉ ወይዘሮዋ። «ግን አኒሜሽን ከሚለው ሥር የዚህች ልጅ ስም ካልገባ አልፈርምም።»

«ዝርዝሩ እኮ ተዘግቷል…» አለ ብሬክ።

«ክፈቱታ!»

ብሬክ ተናዶ ወደ በሩ ገሰገሰ። በሩ ላይ የሚስቱ ወንድም፣ የቢሮው ባለቤት፣ የውሉን ወረቀት ይዞ እየገባ ነበርና ብሬክ ድንገት ቀጥ አለ። ሰውዬው ቆመ። የአንገቱ ካርድ ግን አልሰማችም፤ ወደፊት ተወርውራ፣ ተመልሳ ሆዱን መታችው። ክራቫቱ ተከተላት፣ ከክራቫቱ ቀጥሎ ሆዱ ራሱ።

«አያችሁ?» አሉ ወይዘሮዋ እስክሪብቷቸውን እየከፈቱ። «ሲቆሙ እንዲህ ነው።»

የመጀመሪያው ክፍል በተላለፈበት ቀን ጭራዬ እናቷ ሱቅ ነበረች። እናቷ ቀበሮው አፋፉ ላይ ሲቆም መቀሷን አስቀመጠች። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ሻርፑን ብቻ አየች።

«ሱፍ ነው» አለች። «ያውም የራሰ። ያንቺ እጅ ነው።»

ስም ዝርዝሩ መውጣት ጀመረ፤ እናቷ መነጽሯን ስትፈልግ እንደ ልማዱ እብስ ሊል ሲል፣ ጭራዬ ምስል በሚያስቆመው በአዲሱ ዲኮደር ሪሞት አቆመችው። ስሟ በትልልቅ ፊደል ስክሪኑ መሃል ቀጥ ብሎ ቀረ። እናቷ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው። ጭራዬ ልታስቀጥል ሪሞቱን ስታነሳ እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው» አለች። «እዚህ ላይ ይቁም።»