አሥረኛዋ ሽምብራ

የኔነሽ ያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ነው። ጋሽ በየነ ሊመጡ ነዋ! ካናዳ፣ ፓርክዴል ሰፈር ካለው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የሐበሻ ሕፃናትን የምታስተምርባት ክፍል ትዘጋ አትዘጋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው፤ የክፍሉ ቁልፍም የሚያድረው በእሳቸው ኪስ ነው። ጠዋት ይከፍቱላትና ይሄዳሉ፣ ሲያልቅ መጥተው ይቆልፋሉ። ትናንት ግን ኮል አድርገው ቁርጡን ነገሯት፦ "ነገ ገብቼ ልጆቹ ሲቆጥሩ እሰማለሁ። ካልጣመኝ ክፍሉን ለመዘምራን እሰጣለሁ።"

የኔነሽ በአዘቦት ቀን ኢቶቢኮ ሰፈር ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች። አዲስ አበባ እያለች ግን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ያውም አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በባዶ እጅ የምታስተምር። እዚህ አገር ሰው መሆኗ ትዝ የሚላት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ይቺን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል? ካርቶን።

ክፍሏም ክፍል ከተባለ ነው። ከግድግዳው ጋር የቆመው ቁም ሳጥን በቤተ ክርስቲያኑ ልጆች መጫወቻ እስከ አፍ ገደፉ ታጭቋል፤ ምን ያደርጋል፣ ተቆልፏል። የኔነሽ ያላት የራሷ ኮተት ነው፤ ከሐይቁ ዳር ለቅማ ያጠበችው ጠጠር፣ ከሬስቶራንት ለምና የቀቀለችው የቢራ ቆርኪ፣ አንድ ጣሳ ሽምብራ። ባለ አሥራ ሁለት ጉድጓድ የእንቁላል ካርቶንም አላት፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጉድጓድ ቆርጣ ጥላ አሥር አሥር አስቀርታለች።

ጋሽ በየነ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። በረዶው ከጫማቸው እየቀለጠ ምንጣፉን አራሰው። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጠጠር ይጫወታሉ፤ አንዱ አምስት ጠጠር ቆጥሮ ያሳያል፣ ጥቂቱን በእርጎ ኩባያ ይከድናል፣ ሌላው በውጭ የቀረውን አይቶ የተከደነው ስንት እንደሆነ ይገምታል። ከዚያ ኩባያው ይነሳና ጫጫታው ይቀልጣል። ጋሽ በየነ ግን ይህን ሁሉ አላዩም። ያዩት የቢራውን ቆርኪ ነው።

"ካናዳ ድረስ የመጣነው ልጆቻችን ቆርኪ እንዲለቅሙ ነው?"

"ጋሽ በየነ፣ ይቀመጡ እስቲ…"

"አልቀመጥም። ሊዮ! ና ቁጠርልኝ!"

ሊዮ የልጅ ልጃቸው ነው፣ አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በመስከረም ሲመጣ እስከ መቶ ትንፋሽ ሳይወስድ ይወርደው ነበር፤ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው፣ ይህንንም በየክርስትናው ድግስ ላይ ሲያስቆጥሩት ያላየ ሐበሻ የለም። የኔነሽ በመጀመሪያው ቀን "ስድስት ቆርኪ ስጠኝ" ስትለው ግን እፍኙን ዘግኖ ሰጣት። ያኔ ነው ልጁ ቁጥር እንደማይቆጥር፣ ቁጥር እንደሚዘፍን የገባት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር በጠራ ቁጥር አንድ ነገር በጣቱ እንዲነካ፣ መጨረሻ የጠራው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑን እንዲያውቅ ስትደክም ከረመች።

ሊዮ በእንቁላል ካርቶኑ ያለውን ሽምብራ በጣቱ እየነካ ጀመረ። "አንድ… ሁለት… ሦስት…" አሥር ላይ ደረሰና ቀና አለ።

"ቀጥላ!" አሉ ጋሽ በየነ።

"አለቀ።"

"ምን አለቀ! አሥራ አንድ በላ!"

"ጋሼ፣ አለቀ እኮ! የለም!" አለና ባዶ እጁን ዘረጋላቸው።

ጋሽ በየነ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "መቶ ያውቅ የነበረውን ልጅ አሥር ላይ አስቀረሽው! ወይ ትምህርት! በይ አስነሺያቸው፣ ዛሬ መጨረሻሽ ነው።" ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በጣታቸው ያሽከረክሩት ጀመር። ልጅ ቁጥር ሲጮኽ መስማት ለለመደ ሰው፣ በዝምታ የሚገባን ነገር ማስረዳት ቀላል መሰላችሁ?

"ዕቃ እንሰብስብ" አለች የኔነሽ ልጆቹን። ሽምብራ ሲሰበሰብ ደንብ አለው፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይገባል፣ እሷ በዓይኗ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ጣሳው ይገለበጣል። አንዱን አየች፣ ሙሉ ነው። ሌላውን አየች፣ ሙሉ ነው። የሊዮ ጋ ስትደርስ አንዱ ጉድጓድ ባዶ ነው።

ጠረጴዛ ሥር ገባች፣ ምንጣፉን ዳበሰች፣ የልጆቹን ቦት ጫማ ሁሉ እየገለበጠች አራገፈች። የለም። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አብረዋት ይድሃሉ። ጋሽ በየነ "ምን ጠፋብሽ?" አሉ።

እዚህ ላይ "ምንም" ብትል ማን ያውቅባታል? ሽምብራ ናት፣ ማሞቂያው ሥር ተንከባላ ይሆናል። ብትናገር ግን ያለቀላት ክፍል ጭራሽ ያልቅላታል። ግን አዲስ አበባ እያለች አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ያበጠበት ልጅ አይታለች፤ የዚያ ልጅ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ክፍሉ ገደል ይግባ!

"ጋሽ በየነ፣ አንድ ሽምብራ ጎድሏል። ከሊዮ ነው የጎደለው። አፉ ወይም አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ይሆናል።"

"የፈሩት ይደርሳል!" ብለው ጮኹ። "የት ጣልካት አንተ! ዋጥካት?"

ሊዮ ከጠረጴዛው ጀርባ ተሸጎጠ። "አልጣልኳትም። አልዋጥኳትም" አለ።

የኔነሽ ተንበረከከች። ድምጿን እንደ ጨዋታ አደረገችው። "አይ፣ አልጠፋችም። ሊዮዬ፣ አሥሩንም አሳየኝ።"

ልጁ ካርቶኑን ሳበ። አንድ ብሎ ነካ፣ ሁለት ብሎ ነካ፣ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ደረሰ። ባዶውን ጉድጓድ ዘለለው። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ የቀኝ አፍንጫው ላይ አሳረፈና "አሥር" አለ።

ጋሽ በየነ ጣታቸውን ቀስረው ሲንደረደሩ እጃቸውን ቀጨም አደረገችው። "እንዳይነኩት! ወደ ውስጥ ይገፋል!" በሕይወቷ ጋሽ በየነ ላይ ጮኻ አታውቅም። ለሊዮ ዝግ ብላ ነገረችው፦ "አየሩን በአፍህ ሳብ። በአፍንጫ አትሳብ፣ እሺ? አሁን አፍህን ግጠም።" ግራውን አፍንጫ በጣቷ ደፈነችለት። "ጉንፋን እንደያዘው ሰው ተናፈጥ!"

አንዴ ተናፈጠ፤ ምንም የለም። ጋሽ በየነ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። ዳግመኛ ሲናፈጥ ሽምብራዋ ከነንፍጧ በርራ ካፖርታቸው ላይ ተለጠፈች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ በየነ ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ፤ ያቺ የሕፃን ወንበር ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አመጣችው።

"ሆኖም ሐኪም ይየው፣ ዛሬውኑ" አለች የኔነሽ። ጣሳውን አንሥታ ሽምብራውን ሙልጭ አድርጋ ፌስታል ውስጥ ገለበጠችው። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ለትንንሽ ልጅ አይሆንም፣ ማወቅ ነበረብኝ። የሚተካኝ ሰው ከተገኘ ይንገሩልኝ፣ የማርማላታ ክዳን ይሻላል፣ አፍንጫ አይገባም።" ዕንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

ሊዮ ግን ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆሟል። ዘጠኙን ሽምብራ ማንም እንዲነካበት አልፈለገም፤ ባዶውን ጉድጓድ እያየ ማልቀስ ጀመረ። "ጋሼ፣ ዘጠኝ ሆነ! አንድ ጎደለኝ!"

ጋሽ በየነ ካርቶኑን አዩት። ባዶውን ጉድጓድ አዩት። ልጁ እስከ መቶ ሲዘፍንላቸው የጎደለ ነገር እንዳለ አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም። ቁልፉን ከጣታቸው አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት።

"ከዛሬ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ" አሏት የኔነሽን፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ሊዮ ቁልፉን በጣቱ ነካው። "አሥር" አለ። "አለቀ።"