ዜሮ የተባለው አረቄ

ጉርድ ሾላ ባለ አንድ ክሊኒክ የምሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ዶክተር ባልሆንም ሰው ሁሉ «ዶክተር አብኔዘር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ማንነቴን ለማወቅ ይኼ ይበቃል።

ኢምፔሪያል አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ረታ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ነበር። ሐኪማቸው መጀመሪያ ስምንት ኪሎ ይቀንሱ ስላላቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ጋር ወደ እኔ መጡ። አፋቸው የገባውን ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፉ እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። እኔ ደግሞ ራሴ በሠራሁት የኮምፒውተር ሠንጠረዥ እደምረዋለሁ፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም አራት ካሎሪ፣ ስብ ዘጠኝ። በዚህ ሠንጠረዥ ያልተኩራራሁበት ሰው የለም።

በስድስት ሳምንት በእኔ ስሌት ሁለት ኪሎ ተኩል መቀነስ ነበረባቸው። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ሠንጠረዤ እንደማይሳሳት እርግጠኛ ስለነበርኩ በባለቤታቸው ፊት፣ «ጋሽ ረታ፣ ደብቀው የሚበሉት ነገር አለ» አልኳቸው። ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጡ፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም።

ቅዳሜ ጠዋት የራሴ ሱሪ አልቆለፍ አለኝ። ቢራ ካርቦሃይድሬት አለው ብዬ ወደ ጂን ከዞርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ጂን ካርቦሃይድሬት የለው፣ ስብ የለው፣ ፕሮቲን የለው። በሠንጠረዤ ዜሮ ነው። ሱሪዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አልኮል ከሦስቱ አንዱም ሳይሆን በግራም ሰባት ካሎሪ አለው። ጉበት ይሰባብረዋል፤ ሰውነት ማከማቸት ስለማይችል አስቀድሞ እሱን ያቃጥላል፣ ስቡ ተራውን ይጠብቃል። ይህንን ኮሌጅ ተፈትኜበት ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ክሊኒክ ሄጄ የጋሽ ረታን ደብተር ገለጥኩ። በየቀኑ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «አረቄ፣ አራት መለኪያ» ይላል። አንዱ መለኪያ ሃምሳ ሚሊ ሊትር፣ አርባ በመቶው አልኮል፤ ወደ አሥራ ስድስት ግራም ይሆናል። አራቱ ሲደመሩ አራት መቶ ሃምሳ ካሎሪ ገደማ! ሰውየው አንዲት ነገር አልደበቁኝም። አፈርኩ።

ሱቃቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ረታም ባለቤታቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ጓዳውን እንደሚቆልፉባቸው ነገሩኝ።

«በፊቷ ነው ያዋረድከኝ፤ ለእሷ ንገራት» አሉኝ።

የአረቄው ነገርም አብሮ እንደሚወጣ አስጠነቀቅኳቸው።

«ይውጣ። ውሸታም ከምባል ጠጪ ልባል።»

ለባለቤታቸው ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«አረቄውንማ በጠረኑ አውቀዋለሁ። የከፋኝ ዋሸኝ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። «ቆይ ግን ዶክተር፣ እሱ ጽፎልህ እያለ አንተ ምን ስታነብ ነበር?»

ዶክተር እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው።