ያረረው የኮከብ ገንፎ

አምፖሉ መድመቁን ያየሁት ሽታው አፍንጫዬ ከገባ በኋላ ነው።

ደባርቅ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታበስል ሴት አንድ ዓይኗ ድስቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ አምፖሉ ላይ ነው። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ምድጃውን ስለሚሰካ ኃይሉ ይደክማል። አምፖሉ እንደ ጧፍ ይቀላል፤ ውሃ ለማፍላት ምሽቱ ይጋመሳል። ከዚያ ጎረቤቶቹ ራታቸውን ጨርሰው ሲነቅሉ ኃይሉ በድንገት ይመለሳል። ያን ጊዜ ምድጃው ይነድዳል። የእኛው ደግሞ ሙቀት መቀነሻ የለውም፤ በጭቃ ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። መሰካትና መንቀል ብቻ። ነቅለሽውም ቢሆን ጭቃው ትኩሳቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ የሚሻለው ድስቱን ቶሎ ማንሳት ነው።

እኔ ግን ኮከብን እያጠብኩ ነበር። እንደገና አስቀምጧት ነበር።

ኮከብ አሥር ወሯ ነው። ከሆስፒታል የወጣችው የዚያኑ ቀን ረፋድ ላይ ነበር። ነርሷ ስትሸኘን፣ «ዋናው መብላቷ ነው። ማታ ለስለስ ያለ ገንፎ ስጧት። ከወሰደች ደግ፤ አልወስድም ካለች ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ መልሷት» ብላናለች። ባለቤቴ ደምለው «መብላቷ» የምትለውን ሰማ። እኔ «መልሷት» የምትለውን ሰማሁ። እሱ ሁልጊዜ፣ «አንቺ እኮ ድንኳን ሳይተከል ነው ለቅሶ የምትጀምሪ» ይለኛል። ከኮከብ በፊት የነበረውን ልጃችንን ግን ድንኳን ተክለን ነው ያለቀስነው። ጡቴም ከደረቀ ሰንብቷል።

ሮጬ ስመለስ ገንፎው ጵዋ ጵዋ እያለ ወደ ላይ ይተፋል። ማማሰያውን አንስቼ እስከ ድስቱ ቂጥ ሰደድኩት።

«አትንኪው!» አለች አማቴ እማማ ጤናዬ ከመደቡ ላይ። «የትናየት፣ ተይው! ታቹን አትንኪው!»

ዘግይታለች። ያረረው ከሥር ተላቆ፣ እንደ ሻይ ቅጠል እየሆነ ወደ ላይ መጣ። ነጭ የነበረው ገንፎ በቡናማ ተዥጎረጎረ።

እማማ ጤናዬ ከታች ከቆላው፣ የድብ ባሕር ሰው ናት፤ የልጅ ልጇን ልትጠይቅ ከመጣች ሳምንቷ ነው። ድስቱን አውርዳ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ።

«ያረረ ገንፎ የተኛ እባብ ነው፤ ካልነካሽው አይነካሽም። ላዩን ብቻ ቀስ ብለሽ ወደ ሌላ ድስት ብታወጪው ለልጅቱ ይበቃት ነበር። አሁን ሁሉንም አመረርሽው።»

«ደነገጥኩ እማማ።»

«መች ሳትደነግጭ ታውቂያለሽ?»

ደምለው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሞባይሉን ይነካካ ነበር። «ትንሽ ስኳር ጣል ቢደረግበት አትቀበለውም?» አለ።

እኔ አልፈለግሁም ነበር። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው፤ ልጅቱም ከቀትር ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ስኳር ጨመርኩበት፣ አበረድኩት፣ በማንኪያ ጫፍ አፏ ላይ አደረግሁት። የመጀመሪያውን ተቀበለች። ምላሷን አንዴ አንቀሳቀሰችና ቆመች። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፣ ሁሉንም በአገጯ ላይ አወጣችው፤ ጭንቅላቷንም ወደ ብብቴ ቀበረች።

«እናትየው፣ እንደገና አገንፊ» አለች እማማ ጤናዬ። «ዱቄት አለሽ?»

የኮከብ ዱቄት ስንዴና ሽምብራ አብሮ የተፈጨ ነው። መብራት ቀን ቀን ስለሚጠፋ ወፍጮ ቤቱ ከፈጨ ቆይቷል፤ ከጣሳው ሥር የቀረው አንድ እፍኝ ብቻ ነበር። ክረምት ስለሆነ ከሰሉ ረጥቧል፤ ነጭ ጋዝም ከገበያ ጠፍቷል። ያለን ያው ምድጃ ነው።

ንጹሕ ድስት ጣድኩ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር እማማ ጤናዬ ጣሳውን ይዛ ዱቄቱን ልትነሰንስ ተነሣች። እጇን ያዝኩ።

«እማማ፣ ደረቁን አይደለም። ይጓጉላል።»

«አርባ ዓመት ያገነፋሁ ሴት ነኝ!»

«የአራስ ገንፎ ነዋ እሱ። በወፍራም ማማሰያ እያሸሽ ጓሉን ታፈርሽዋለሽ። ቀጭን ከሆነ ግን ጓሉ ውሃ ውስጥ ይሸሻል፣ አይፈርስም። ውስጡ ጥሬ ዱቄት ነው፤ ጉሮሮዋ ላይ ቢቀርስ?»

አየችኝ። ከዚያ ጣሳውን ሰጠችኝ። «እሺ፣ በሥጋትሽ አገንፊ።»

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩት፤ እንደ እርጎ እስኪሆን። ድስቱን ከምድጃው አወረድኩና፣ በቀኜ እያማሰልኩ በግራዬ ብጥብጡን በቀጭኑ አፍስሼ መልሼ ጣድኩት። እማማ ጤናዬ ከአምፖሉ ሥር ቆመች።

«አንቺ ድስቱን እይ፤ ይህን ሌባ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለች። ጥቂት ቆይታም «ደመቀ! አንሺ!» ስትል አነሣሁ። «ደከመ፣ መልሺ» ስትል መለስኩ። ማማሰያውን ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ታች እያዞርኩ፣ የድስቱን ማእዘን ሳልዘለው አማሰልኩ። ሲወፍር አስቀድሜ ከቀነስኩት የፈላ ውሃ ጠብ አደረግሁበት።

«በቃው፣ በስሏል» አለ ደምለው።

«አልበሰለም» አለች እናቱ። «እዚህ ብርድ አገር ውሃ መፍላት ብቻ ነው የሚያውቅ፣ ማብሰል አያውቅም። ከእኛ ቆላ የበለጠ ማቆየት ነው። ጥሬው ይሸታል ገና።»

እውነቷን ነው። ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፋ፤ ገንፎው አበራ። በማንኪያ አንስቼ ሳፈሰው እንደ ሐር ወረደ፤ አንድ ጓል የለበትም። ቂጡን በማንኪያ ነካሁት፤ ንጹሕ ነው። እንደዚያ ያለ ገንፎ በሕይወቴ አላገነፋሁም።

«እሰይ!» አለች እማማ ጤናዬ። «ይህን እኔም እበላዋለሁ።»

አበረድኩት። ኮከብን ታቀፍኳት። ማንኪያው ገና ከፊቷ ሲደርስ ከንፈሯን ገጠመችው።

«ኮኪዬ፣ ይኸኛው ጥሩ ነው። ቅመሺ የኔ እናት።»

ፊቷን ወደ ግራ አዞረች። ማንኪያውን ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ወደ ቀኝ አዞረች። እማማ ጤናዬ በጣቷ ከንፈሯን ልትቀባት ሞከረች፤ ጣቷን በድዷ ገፋችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ አፏ ይከፈት ነበር። ማንኪያውን ብቻ ታያለች፤ መራራውን ያጎረሳትን ማንኪያ። በሲኒ ቀየርን፣ በጣታችን ሞከርን፣ እኔ እየቀመስኩ «እም» አልኩላት። አፏን እንደዘጋች ዓይኗ መድከም ጀመረ። ጉንጯን ነካካሁት፤ አልተቆጣችም።

«ትንሽ ብትተኛ ስትነቃ ይርባታል» አለ ደምለው።

«ነርሷ ምን አለች?»

«የትናየት፣ መሽቷል፣ ዝናቡም...»

«ምን አለች?»

ደምለው እናቱን አየ። እማማ ጤናዬ ኮከብን አይታ፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ እጇንም እዚያው አቆየች።

«ለክንዴ ደውል» አለችው። «ባጃጁን ይዞ ይምጣ።»

ደምለው ደወለ። ክንዴ ከታች ካለው ሰፈር እስኪመጣ ኮከብን በጋቢ ጠቀለልኩና አዘልኳት። ገንፎውን በትንሽ ፔርሙስ ውስጥ አደረግሁት፤ ምናልባት እዚያ ብትቀበል ብዬ። አምናለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ደፍቼው መሄድ ስላልቻልኩ ነው። እማማ ጤናዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ወጣች፤ «ቤት የሚጠብቀው ምን አለና?» አለች።

የባጃጁ መብራት ግድግዳው ላይ ወደቀ። ደምለው ምድጃውን ነቅሎ ወጣ። ጀርባዬ ላይ የኮከብ ትንፋሽ ይሰማኝ እንደሆነ ቆሜ አዳመጥኩ። ይሰማል፤ አጭር አጭር ነው።

ከዚያ ወጣሁና ጓጉንቸሩን አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ።