የሽምብራው ማሳ በአምስት መቶ ቃላት

ዕድላዊት ያንን ጽሑፍ ስድስት ጊዜ ጽፋ ስድስት ጊዜ አጥፍታዋለች። በልማት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ውጭ አገር ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የምታመለክትበት ነው። «የከተማ ቤት ጉዳይ ለምን ማጥናት ፈለግሽ? ከአምስት መቶ ቃላት ሳይበልጥ ግለጪ» ይላል ጥያቄው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት!

ሰው ሁሉ ደግሞ አዋቂ ሆነባት። የሥራ ባልደረባዋ ሐኒ «ቁጥር አብዢበት» አለቻት፤ አበዛች። ወንድሟ ዮኒ «ፖለቲካ እንዳታስገቢ፣ ዘመኑን እያየሽ» አላት፤ አወጣች። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት የድሮ አማካሪዋ ስምዖን ደግሞ ስድስተኛውን አንብቦ በአጭር የስልክ መልእክት አንዲት መስመር ብቻ መለሰላት፦ «"ፈጣን የከተሞች መስፋፋት" አምስት ቦታ አለ፤ አንቺ ግን የትም የለሽም።»

«የት ልግባለት!» ብላ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። አዲስ አበባ በአንድ የቤቶች ጽሕፈት ቤት መረጃ ስትመዘግብ ትውላለች፤ ማታ ሰበታ ትገባለች። የሰው ቤት ስትመዘግብ ኖራ የራሷን ቤት ረስታ! ነገሩ እንደዚያ ሲገባት ነው ሰባተኛውን የጀመረችው። በዚህ ጊዜ ስለ ቤታቸው ጻፈች። ማስገቢያው ነገ ማታ ያበቃል፤ ሰበታ ላይ የስልኩ ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ጠዋት ቢሮዋ ደርሳ መላክ አለባት። እሱም መንገድ ከተገኘ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ ተማሪው ለተቃውሞ ወጥቶ፣ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ተደርድሮ ታክሲ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይቆማል።

አባቷ አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጠገቧ ተቀመጡ። «በአማርኛ አንብቢልኝማ። ስሜ አለበት?»

«አለበት አባዬ።» እየተረጎመች አነበበችላቸው። «አባቴ በ1996 ዓ.ም. የምንኖርበት የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ሲፈርስ፣ ሰበታ ከአንድ ገበሬ ባዶ መሬት ገዝቶ...»

«ቁሚ!» መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ወደቀ። «ገዝቶ? ማን ገዛ? ውሉ ምን ይላል?»

ውሉ «ስጦታ» ይላል። መሬት መሸጥ መለወጥ ክልክል ነውና ሦስት ምስክር ተቀምጦ ገበሬው ኦቦ ሞቱማ ለአቶ ጌታቸው «ስለ ወዳጅነታችን» ሁለት መቶ ካሬ ሰጠሁ ብለው ፈርመውላቸዋል። ከዚያ ቀን በፊት ተያይተውም አያውቁ! ቤቱ እስከ ዛሬ ካርታ የለውም። ጨረቃ ቤት ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ልኬት ይመጣል፣ ሕጋዊ ይሆናል የሚባል ወሬ ተነሥቷል፤ አባቷ ውሏን በፌስታል ጠቅልለው ሲያወጧትና ሲመልሷት ነው የሚውሉት።

«አባዬ፣ የሚያነቡት ፈረንጆች ናቸው። ሰበታ ማዘጋጃ ቤት አይሰሙ!»

«ወረቀት እግር አለው። ልጄ በጽሑፍ አሳልፋ ሰጠችኝ ልበል? ስጦታ በይ።»

«ስጦታ ካልኩማ ምኑን ላጠናው ነው? ሰው መሬት በስጦታ የሚያገኝ ከሆነ የቤት ችግር የለማ!»

ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አባቷ ጋቢያቸውን አንሥተው «ተነሺ፣ ኦቦ ሞቱማ ጋ። ሰጪው እሳቸው ናቸው፤ ይፍረዱን» አሉ። ሦስት አጥር አልፎ ነው። ዕድላዊት ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ሆኗል። ወይ ጣጣ! የማስተርስ ማመልከቻ ሽማግሌ ሲገባበት የት ታይቷል?

ኦቦ ሞቱማ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ትንሹ ልጃቸው ከተማሪዎቹ ጋር ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ካደረ አራተኛ ቀኑ ነው። «አካም ጅርቱ? ኑ፣ ግቡ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ደክሟል። አቶ ጌታቸው ነገሩን ዘረዘሩ፤ ተገዛ ወይስ ተሰጠ።

«እስቲ ታንብበው» አሉ ሽማግሌው።

አነበበችላቸው። «ባዶ መሬት ገዝቶ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ምን መሬት?»

«ባዶ... ማለቴ ቤት ያልነበረበት።»

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ሽምብራ ነበረበት።» ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «አባትሽ ሚስማርና እንጨት ጭኖ መጣ። እሸቱ ይድረስና ልሰብስብ፣ ሁለት ሳምንት ታገሡኝ አልኩት። ታገሠኝ፤ ደግ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞሽ ይመጣ ነበር። ማሳው መሀል ቁጭ ብለሽ እሸቱን እየፈለፈልሽ በላሽው። ሆዷን ያማታል አልኩ፤ እምቢ አልሽ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አትረሳም።»

ዕድላዊት ፊቷ ጋለ። አልረሳችም! አረንጓዴው ቅርፊት ጣቷን ሲያሳክካት፣ ጨው ጨው የሚለው ጣዕም፣ ሁሉም መጣባት። አሁን አልጋዋ ያለበት ቦታ ነው ያኔ የተቀመጠችው። በልታው ስታበቃ ነው ባዶ ያለችው።

«የማስተር ፕላኑ ሰዎች ስብሰባ ጠርተውን ካርታ ዘረጉ» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «የቀረችኝን እርሻ ፈለግኋት፤ "ማስፋፊያ" ተብላ ነጭ ሆናለች። ልጄ የወጣው ይኼን አይቶ ነው። ያንን የሣለው አያውቀኝም፣ ይሁን። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።» ወደ አቶ ጌታቸው ዞሩ። «ገዛ ብላ ትጻፍ። ሸጫለሁ፣ ቸግሮኝ ሸጫለሁ። እርሻውን ለማያውቀው ሰው በስጦታ የሚበትን ጅል አድርጋ ግን አትጻፈኝ።»

አቶ ጌታቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ፍርዱ ተፈረደ ማለት ነው፤ እሳቸውም ተረቱ።

ሲመለሱ ዕድላዊት ከአባቷ ቀድማ ተራመደች። ተናዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን ቅጡ ጠፍቷታል። በአባቷ? በስምዖን? ቤት ገብታ መጀመሪያውን አጠፋችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የምተኛው ሽምብራ ማሳ ላይ ነው። ማሳው የኦቦ ሞቱማ ነበር፤ አባቴ ሲገዛው እሸት ነበረበት፤ እኔም በልቻለሁ። ቤት ስናገኝ ማን ምን እንዳጣ የሚመዘግብ ቅጽ እስከ ዛሬ ሞልቼ አላውቅም። ማጥናት የምፈልገው ያንን ነው።» ከዚያ በኋላ ያለው ያለ ጭንቅ ወረደላት። ስትቆጥረው አምስት መቶ ሆነ፣ ልክ።

ጠዋት ታክሲ የለም። አባቷ ሳትለምናቸው ጫማቸውን አድርገው ወጡና ከድንጋዩ መሀል እየመሩ እስከ ዓለም ገና አብረዋት በእግር ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አየር ጤና የሚል አንድ ሚኒባስ ተገኘ። በሩ ላይ ስትወጣ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ባዶ ነበር ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ትንሽ ሆነሽ፣ የሰው እርሻ ላይ ነው ወይ የምንኖረው ብለሽ ጠይቀሽኝ አልቅሰሽ ነበር። ባዶ ነበር አልኩሽ። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ አልኩሽ። እሱንም ጻፊው።»

«አባዬ፣ ስምህ ነው እኮ...»

«ጻፊው አልኩ! ካርታው ቢቀር ይቅር።»

ረዳቱ «ግቢ እንጂ እህት፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው!» እያለ ጮኸ። ገባች።

ቢሮ ደርሳ ኮምፒውተሩን ስትከፍት አባቷን የምታስገባበት ቦታ የለም፤ አምስት መቶው ሞልቷል። ከላይ እስከ ታች አየችው። ስድስት ጊዜ ስታጠፋ ሁሉ የተረፈች አንዲት አረፍተ ነገር ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቃለች፦ «ፈጣን የከተሞች መስፋፋት የዘመናችን እጅግ ታላቅና አስቸጋሪ ፈተና ነው።» እሷን አጠፋችና በቦታዋ «አባቴ መሬቱ ባዶ ነበር ይለኝ ነበር፤ እንዳላለቅስ ብሎ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ላከችው።